ጤና ኬላው ደጃፍ

አበቡ ዶሮ ሲጮህ ትነሳለች። የመንዝ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የእናቷን ጋቢ ደርባ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ቆሎ ቋጥራ ትወጣለች። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሦስት ወር ቀርቷቸዋል።

በመጋቢት አንድ ቀን የበልግ ዝናብ ወንዙን ሞላው። መሻገር ሲያቅታት ተመልሳ ጤና ኬላው ደጃፍ ተጠለለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ በሩን ከፈተች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ በረዶ ሆነሻል እኮ!»

«ሲስተር፣ እግሬ ጭቃ ነው።»

«ጭቃው ይጠረጋል።»

ሻይ ሰጠቻት። የራሰውን ደብተር ገጽ በገጽ ከሰሉ አጠገብ ዘረጋችው። ቀይ ኤክስ የበዛበት የሒሳብ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምንም አላለችም፤ 12 ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ሦስቱን ባነሳ ስንት በመቶው ሄደ?»

አበቡ ካርቶኖቹን እየነካካች ብዙ ቆየች። «25?»

«አየሽ! እኔም በዚሁ መንገድ ተመላልሼ ነው የተማርኩት። ነገ ስትመለሺ ጎራ በይ።»

ጎራ ማለቱ የየቀን ሆነ። አባቷ «ውሃውን ማን ይቅዳ?» ብለው ሲቆጡ፣ ሲስተር ራሷ ቤታቸው ሄዳ ቡና ጠጥታ ለመነቻቸው።

የፈተናው ዕለት ገና ሳይነጋ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ባትሪ በራ። ሲስተር ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«ወንዙን አብረን እንሻገራለን» አለቻት።