ስለ ጋሽ ታደሰ ኑዛዜ፣ ለእትዬ አስካለና ለልጆቹ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

እትዬ አስካለ፣ ዳዊት፣ ሰላማዊት፣ ቢኒያም፤

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቅዳሜ ኑዛዜውን ሳነብ ብዙው ነገር ጆሯችሁ እንዳልገባ አይቻለሁ። አይፈረድባችሁም፤ አርባቸው ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላም። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ እንድታዩት ጻፍኩት። አንዳችሁ ለእትዬ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ መነጽራቸውን አይፈልጉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ኑዛዜው የሚናገረው ስለ ጋሼ ድርሻ ብቻ ነው። ቤቱም፣ የመጋላው ሱቅም፣ የባንኩ ገንዘብም በትዳር ውስጥ የተፈራ ነው። ግማሹ የእትዬ ነው። እትዬ፣ ይሄንን አይወርሱትም፤ ድሮም የእርስዎ ነው። በሕጋችን ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም፤ ግማሿን ይዛ ትወጣለች እንጂ። ለዚህ ነው ጋሼ ሌላ ነገር የጨመሩት።

የከዚራው ቤት የጋሼ ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ነው። ነገር ግን እትዬ በሕይወት እስካሉ ድረስ በዚህ ግማሽም የመጠቀም መብት አላቸው። ሕጉ አላባ ይለዋል። ይኖሩበታል፤ የሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይም እሳቸው ይበላሉ። ልጆች፣ ስማችሁ ካርታው ላይ ቢገባም እናታችሁን ማስወጣት ወይም ተከራይ መለወጥ አትችሉም። ጋሼ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል።

የሱቁ ግማሽ ለዳዊት ነው፤ ግዴታ ግን አለበት። ቢኒያም ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ የትምህርት ወጪውን ዳዊት ከሱቁ ገቢ ይሸፍናል። ካልሸፈነ የሱቁ ድርሻ ለሦስታችሁ እኩል እንዲከፈል ጽፈዋል። ዳዊት፣ «ሥራ ቢቀዘቅዝስ?» ብለኸኛል። ጥያቄህ ልክ ነው። መክፈል ሲያቅትህ ዝም አትበል፤ ለሰላማዊት በጽሑፍ አሳውቃት። ዝም ያለ ሰው እንቢ ያለ ይመስላል።

ገንዘቡ ቀላል ነው። ባንክ ያለው 246,000 ብር ነው። ሱቁ ለዕቃ አከፋፋዩ 46,000 ብር አለበት፤ እሱ ይቀድማል። ዕዳ ሳይከፈል ውርስ አይከፋፈልም። ከቀረው 200,000 ውስጥ 100,000 የእትዬ ነው። ከጋሼ 100,000 ላይ 25,000 ብር ላስታመመቻቸው የእህታቸው ልጅ ይሰጣል። ቀሪው 75,000 ለሦስታችሁ ነው፤ ለየአንዳንዳችሁ 25,000። የቀብሩን ወጪ እድሩ ችሎታል። የአርባውን ድግስ ያወጣኸው ግን አንተ ነህ፣ ዳዊት። ለመናገር ይከብደኛል፤ ሕጉ የተዝካርን ወጪ ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። ከውርሱ ይቆረጥ የሚባለው ሁላችሁም ከተስማማችሁ ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ተስማሙ።

የኪስ ሰዓታቸው ለቢኒያም ነው። ከባቡሩ ሥራ ጡረታ የወጡበት። ሌላው ሰነድ በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይቺን መስመር «እንዳይሸጠው» ብለው አስጨርሰውኛል።

የውርስ አጣሪ አድርገው የሾሙት ሰላማዊትን ነው። ዳዊት፣ «እኔ በኩር እያለሁ?» ማለትህን ሰማሁ። እኔም ያኔ ጠይቄያቸዋለሁ። «ሱቁን የሚወስድ ሰው ራሱ ሱቁን አይቁጠር» አሉኝ። ሌላ ቂም የለም።

ሰላማዊት፣ አጣሪ ማለት ባለቤት ማለት አይደለም። ንብረቱን ትመዘግቢያለሽ፤ ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ ጭምር፣ ከዳዊት ጋር ቆመሽ። ዕዳ ትከፍያለሽ፤ ጋሼ ያበደሩት ካለ ትሰበስቢያለሽ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድርሻውን አስረክበሽ ለሁሉም ሒሳብ ታቀርቢያለሽ። የውርሱን ብር ከራስሽ ብር ጋር አትቀላቅዪ። ለሃምሳ ብርም ቢሆን ደረሰኝ ያዢ። ከበደሽ ደግሞ እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ ማንም አያስገድድሽም።

ቅዳሜ ከአጎቶቻችሁ አንዱ «ኑዛዜው ይጸናል ወይ?» ብለዋል። በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ እዚያው ተነቦ፣ ጋሼም ምስክሮቹም በዚያው ፈርመውበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የሚቃወም ካለ በሩ ፍርድ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት አይደለም።

አሁን የሚቀረው የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው። ያለሱ ባንኩ ብር አይለቅም። ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ልጆች ቢሮዬ ኑ። የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ደብተሩን፣ የሞትና የጋብቻ ማስረጃውን ይዛችሁ።

እትዬ፣ እርስዎ አይምጡ፤ የቢሮዬ ደረጃ ለጉልበትዎ አይሆንም። የሚፈርሙትን ከሰዓት በኋላ ቤት ይዤልዎት እመጣለሁ።