«ቋጠሮ» ለተሰኘው ፖድካስት የሽፋን ምስል ፕሮምፕት

ፖድካስቱ በቤተሰብና በሥራ ባልደረቦች መካከል የከረረ ጠብ እንዴት እንደሚበርድ ያወራል። ቃሉ በቋንቋችን ሁለቱንም ይይዛል፤ ቂምም ይቋጠራል፣ ገመድም ይቋጠራል፣ ሁለቱም ይፈታሉ። ስለዚህ የሽፋኑ ምልክት አንድ የተቋጠረ ገመድ ብቻ ነው። የተጨባበጡ እጆች፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች፣ ማይክሮፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የንግግር አረፋ አይገቡም። ማይክሮፎን ፖድካስት መሆኑን እንጂ ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ፖድካስት መሆኑን ደግሞ አድማጩ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ለምስል ማመንጫው የሚሰጠው ጽሑፍ

ካሬ ምስል፣ 1:1። በጥቁር ሰማያዊ #0B1D3A ወጥ ዳራ ላይ አንድ ወፍራም ገመድ አለ፤ መሃሉ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ላላ ያለ ነው፣ አልጠበቀም። ገመዱ ልክ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ከላይም ከጎንም አይታይም። ራሱን የሚያቋርጠው በትክክል ሦስት ቦታ ነው፤ በመሃሉ ሦስት ክፍተቶች ይታያሉ፣ በክፍተቶቹም ውስጥ የሚታየው ያው ሰማያዊ ዳራ ነው። የገመዱ ውፍረት ከምስሉ ወርድ አንድ አሥረኛ፤ እያንዳንዱ ክፍተት በጠባቡ በኩል ቢያንስ የገመዱን ውፍረት አራት አምስተኛ ያህል ይሁን። ሁለቱ ጫፎች አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ በአግድም ይውጡ፤ ሁለቱም ምስሉ ውስጥ ያልቃሉ፣ ጫፋቸው ደፍጠጥ ብሎ ተቆርጧል። ገመዱ ከምስሉ ወርድ አራት አምስተኛውን ይሸፍን፤ የታችኛው አንድ ሦስተኛ ባዶ ዳራ ሆኖ ይቅር።

ቀለም ሦስት ብቻ፦ ዳራው #0B1D3A፣ የገመዱ ብርሃን ያረፈበት ገጽ #FFC72C፣ የገመዱ ጥላ #C98A00። ብርሃኑ አንድ ነው፤ ከላይ በስተግራ ይመጣል፤ ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበት መስመር ስለታም ይሁን፣ ቀስ በቀስ አይደብዝዝ። ገመዱ በገመዱ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ላይኛውን ከታችኛው የሚለይ የዳራ ቀለም ያለው ወፍራም መስመር ይኑር። የገመዱ ጥምዝምዝ በጥቂት ሰፋፊ ሰያፍ ሰረዞች ብቻ ይታይ፤ ቃጫ አይታይ። አቀራረቡ ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ህትመት ይምሰል፤ ጠፍጣፋ፣ ደፋር፣ ጠርዙ ንጹሕ።

አይኑር፦ ጽሑፍ፣ ፊደል፣ ሰው፣ እጅ፣ ሁለተኛ ዕቃ፣ ክፈፍ፣ ጭጋግ፣ ፎቶ መምሰል፣ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ ቀለም፣ ዳራው ላይ የወደቀ ጥላ፣ ተንጠልጣይ ገመድ፣ ወደ ታች የሚወርድ ጫፍ።

መለኪያዎቹ ለምን እንዲህ ሆኑ

ሽፋኑ የሚሠራው በ3000 በ3000 ፒክሰል ቢሆንም አድማጩ የሚያየው በስልክ ዝርዝር ውስጥ 60 ፒክሰል አካባቢ ሆኖ ነው፤ አንድ ሃምሳኛ ማለት ነው። 300 ፒክሰል የነበረው ገመድ 6 ፒክሰል ይሆናል፣ 240 ፒክሰል የነበረው ክፍተት ወደ 5 ይወርዳል። ከዚህ የቀጠነ ክፍተት ይደፈናል፤ ያኔ የሚታየው ቢጫ ድንች እንጂ ቋጠሮ አይደለም። ቋጠሮው ላላ ብሎ እንዲቀር የተባለውም ለዚህ ነው። በማቋረጫዎቹ ላይ ያለው የዳራ መስመር በትልቁ 60 ፒክሰል ይወፍር፤ ሲያንስ ከአንድ ፒክሰል ጥቂት ይበልጣል። ከዚህ ከቀጠነ ገመዱ የቱ ላይ እንደሚያልፍ አይለይም።

የቢጫውና የሰማያዊው የብርሃን ልዩነት ከ10:1 በላይ ነው። በሰማያዊ ላይ ቀይ ቢደረግ ዓይን በቀለም ይለየዋል፣ ምስሉ ወደ ግራጫ ሲቀየር ግን ሁለቱ ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ሰውም እንዲሁ። ፍጹም ጥቁር ዳራ ያልተመረጠው ጨለማ ገጽታ በበራበት ስልክ ላይ የሽፋኑ ጠርዝ ስለሚጠፋ ነው።

የጫፎቹ አግድምነት በምንም ምክንያት አይለወጥ። አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ወጥቶ ሌላው ከተንጠለጠለ ቋጠሮው ማነቂያ ገመድ ይመስላል፤ ስለ ዕርቅ የሚያወራ ፖድካስት ላይ ይህ ይቅር የሚባል ስህተት አይደለም። ሁለቱም ወደ ታች ከወረዱ ደግሞ የመታሰቢያ ሪባን ይሆናል።

ውጤቱ ሲሳሳት የሚጨመሩ ዓረፍተ ነገሮች

አራት ምስል ይመንጭ። በጣም የሚያጋጥመው ስህተት የማቋረጫ ብዛት መብዛት ነው፤ ያኔ ይህ ይጨመር፦ «ገመዱ አንድ ዙር ብቻ ዞሮ ጫፉ በዙሩ ውስጥ አልፏል፤ ሌላ ዙር የለም።» ቃጫው ከበዛ፦ «ገመዱ ከአንድ ወጥ ወረቀት የተቆረጠ ይመስላል፤ ሰያፍ ሰረዞቹ ከአሥራ ሁለት አይበልጡም።» ገመዱ ምስሉን ከሞላና ለርእስ ቦታ ከጠፋ ቋጠሮውን ከማሳነስ ይልቅ «ገመዱ በምስሉ የላይኛው ሁለት ሦስተኛ ውስጥ ያልቃል» ይባል። በአንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጨመር፤ ሁለት ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ርእሱ

ርእሱ በምስል ማመንጫው አይጻፍ፤ የግእዝ ፊደልን እግርና ቀለበት ያበላሻል። ምስሉ ካለቀ በኋላ «ቋጠሮ» በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብላክ፣ በነጭ #FFFFFF፣ 600 ፒክሰል ከፍታ ይቀመጥ፤ ከላይኛው ጠርዝ 2100 ላይ ጀምሮ 2700 ላይ ያብቃ። ሌላ ጽሑፍ፣ የአዘጋጅ ስምም ሆነ ንኡስ ርእስ፣ አይታከል።

እዚህ ላይ «ቋ» ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከግርጌዋ ያለችው አግድም እግር ሲያንስ ከጠፋች ቃሉ «ቀጠሮ» ተብሎ ይነበባል፤ ፖድካስቱ ሌላ ስም ያዘ ማለት ነው። እግሯ ከ90 ፒክሰል ከቀጠነች ፊደሏ ወደ ቬክተር ተለውጣ እግሯ ብቻ በእጅ ትወፍር፤ ሦስቱም ፊደላት አብረው መወፈር የለባቸውም፣ ምክንያቱም የ«ጠ» ሦስት እግሮች ይጣበቃሉ። ከታች በቀኝ ጥግ ምንም አይቀመጥ፤ አንዳንድ መተግበሪያዎች እዚያ የማጫወቻ ምልክት ይደርቡበታል።

ፍተሻና ማውጫ

መጀመሪያ በግራጫ፣ በ60 ፒክሰል፦

```
magick cover.png -resize 60x60 -colorspace Gray test.png
```

`test.png` ሳይጎላ በእውነተኛ መጠኑ ይከፈት፤ ስልኩም በክንድ ርቀት ይያዝ። ሦስቱ ክፍተቶች ይቆጠሩ፣ የ«ቋ» እግር ይታይ። ፖድካስቱን የማያውቅ ሰው ለአንድ ሰከንድ አይቶ «ገመድ» ወይም «ቋጠሮ» ካላለ ክፍተቶቹ ሰፍተው እንደገና ይመንጭ።

ካለፈ የሚጫነው ፋይል ይውጣ፤ የአፕል ፖድካስት ከ1400 እስከ 3000 ፒክሰል ካሬ ይቀበላል፣ በአርጂቢ ቀለምና ውስጡን በማያሳይ ዳራ፦

```
magick cover.png -background "#0B1D3A" -alpha remove \
  -resize 3000x3000 -colorspace sRGB -quality 90 cover.jpg
```

ማመንጫው የሚሰጠው ምስል ከ3000 ያነሰ ከሆነ በዚህ ትእዛዝ ብቻ ማሳደግ ጠርዙን ያደበዝዛል። ቀለሙ ሦስት ብቻ ስለሆነ ገመዱን አስቀድሞ ወደ ቬክተር መለወጥ ቀላል ነው፤ ርእሱም የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።