በእጅ ችፌ ምክንያት የሥራ ምደባ ለውጥ ስለመጠየቅ

ለኩሽና ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ፤

ባለፈው ሳምንት በፈረቃ ቅያሪ ላይ ስለ እጄ ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር። ትዕዛዝ በተደራረበበት ሰዓት ቆመን የምንጨርሰው ነገር ስላልሆነ በጽሑፍ ማቅረቡ ይሻላል አልኩ። የቆዳ ሐኪሙ የሰጠኝን ማስረጃም አያይዣለሁ።

የምጠይቀውን ላስቀድም። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከዕቃ ማጠቢያው፣ አትክልት ከማጠብና ከመላጥ፣ እንዲሁም ከማታው የኬሚካል ጽዳት ወጥቼ እጅ በማያረጥብ ሥራ ላይ እንድመደብ ነው። ሰዓቴ ይቀነስልኝ አላልኩም። ዕረፍትም አልጠየቅኩም። ከሥራው ውስጥ እጄን የሚጎዳው ክፍል እንዲለወጥልኝ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ያገኘብኝ ችፌ ነው፤ እነሱ ኤክዜማ ይሉታል። መጀመሪያ የወጣው በጣቶቼ መሃል ነበር፤ አሁን የሁለቱም እጆቼ ጀርባና የጣቶቼ ጫፍ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል። ቢላ ጠበቅ አድርጌ ስይዝ ስንጥቁ ይከፈታል። ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲነካው እንዴት እንደሚያቃጥል ባልነግርዎት ይሻላል። ማታ ደግሞ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳኛል። የዕረፍት ቀኔ ላይ ሻል ይለዋል፤ ተመልሼ አንድ ፈረቃ ከሠራሁ ግን ያው ነው። ሐኪሙ ችግሩን ከሥራዬ ጋር ያያያዘው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳ እርጥበቱን የሚጠብቅበት የራሱ ቅባት አለው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ስብ የሚያስለቅቁ ማጽጃዎች ድስቱ ላይ ያለውን ስብ ሲያስለቅቁ የእጅን ቅባትም አብረው ይወስዳሉ። ከዚያ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የሽንኩርቱና የነጭ ሽንኩርቱ ጭማቂ፣ በረኪናውና ሳኒታይዘሩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በሥራ ጤና ሕክምና አንድ ሠራተኛ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጁ ውሃ ውስጥ ከሆነ ወይም ከ20 ጊዜ በላይ ከታጠበ ሥራው ለእጅ ችፌ እንደሚያጋልጥ ይቆጠራል። እኔ የምሠራበት ቦታ የምሳው ግርግር ሳያልቅ ይህን ያልፋል።

«ታዲያ ጓንት አድርጊ» እንደሚሉኝ እገምታለሁ፤ ሼፍም ብለውኛል። አደርጋለሁ። ግን ጓንት ውስጥ እጅ ያልበዋል፤ ለረጅም ሰዓት ሲደረግ ላቡ ራሱ እንደ ውሃው ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የኛዎቹ አጭር ስለሆኑ ትልቅ ድስት ሳጥብ ውሃው በእጅጌው በኩል ይገባና እዚያው ይቀመጣል። በዚያ ላይ ጎማው ሲመረት የሚጨመሩ ኬሚካሎች ለአንዳንድ ሰው አለርጂ ይሆናሉ። የእኔ አለርጂ ይኑርበት አይኑርበት ለማወቅ የአለርጂ ምርመራ ታዞልኛል። የሚጠረጠሩት ነገሮች በጀርባ ላይ ተለጥፈው ለሁለት ቀን ይቆያሉ፤ ከተነሱ በኋላም እንደገና ይታያል። ሐኪሙ በእነዚያ ቀናት ጀርባዬ እንዳይረጥብና ብዙ እንዳያልበኝ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ከምድጃው አካባቢም ራቅ ብል ጥሩ ነው። ቀኑን ሲነግሩኝ ወዲያው አሳውቅዎታለሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ፤ ከባልደረቦቼ መካከል ፎጣዬን ሲያዩ የሚሸሹ አሉና። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥም፣ አንድ ዕቃ በመንካትም አይጋባም። እርስዎ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ቢሉት እኔ መቶ ጊዜ ከማስረዳው ይበልጥ ይሰማል።

ይህ ማለት ግን የተሰነጠቀ እጅ ምግብ ቢነካ ችግር የለውም ማለት አይደለም። የቆሰለ ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በቀላሉ ይራባል። ይህ ባክቴሪያ ምግብ ውስጥ ገብቶ መርዙን ካመነጨ ምግቡ ቢሞቅም መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ ስንጥቁ እስኪደርቅ ድረስ ሳይበስል የሚቀርብ ምግብ ላይ፣ በተለይ ሰላጣ ላይ፣ ባልመደብ ለደንበኞቻችንም ይበጃል። እጄን በመታጠቡ ላይ ቸል እላለሁ ማለቴ አይደለም። ምግብ ቤት ውስጥ ጄል መታጠብን እንደማይተካ አውቃለሁ፤ ለነገሩ ስንጥቅ ላይ ሲነካ እሳት ነው።

ምን ልሥራ ለሚለው፣ ደረቅ ዕቃ መረከብና መመዘን፣ ስቶር ውስጥ መደርደርና ቀን መለጠፍ፣ ትዕዛዝ ተቀብሎ ለየክፍሉ ማሳወቅ፣ ከማሽን የወጡ የደረቁ ሳህኖችን ወደ ቦታቸው መመለስ እችላለሁ። የስቶር ቆጠራውን ባለፈው ዓመት ሰው ሲጎድል ይዤው ስለነበር አዲስ አይሆንብኝም። አሁን ስቶር ያለው ልጅም በከፊል ሊቀያየረኝ ፈቃደኛ ነው።

«በከፊል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እኔን አንስተው እሱን ቀኑን ሙሉ ማጠቢያው ላይ ቢያቆሙት ከጥቂት ወር በኋላ ይህን ደብዳቤ ከእሱ ይቀበላሉ። ማጠቢያውን ሦስት አራት ሰዎች በየሁለት ሰዓቱ ቢፈራረቁበት ለማንም አይከብድም፤ ፈረቃ ማውጣቱ ትንሽ ቢያደክምም።

ለአሁኑ ሙሉ በሙሉ መቀየር የማይቻል ከሆነ ቢያንስ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት፣ ከሥር የሚደረግ የጥጥ ጓንትና ሽታ የሌለው የእጅ ሳሙና ይቅረብልኝ። የጥጡ ሲረጥብ የሚለወጥ ስለሆነ በርከት ቢል ጥሩ ነው። የታዘዘልኝን ቅባት ራሴ አመጣለሁ፤ እጄን ታጥቤ ባደረቅሁ ቁጥር ለመቀባት ግን አንድ ደቂቃ ያስፈልገኛል። ይህ ሥራ እንደ መሸሽ እንዳይታይብኝ ለሼፍ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ጓንቱና ቅባቱ ይህን ውሃ ብቻቸውን የሚችሉት አይመስለኝም።

ሦስት ወር ያልኩት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ ነው። ቆዳው ከላይ የዳነ ቢመስልም ወደ ቀድሞ ጥንካሬው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ቶሎ ወደ ውሃ ከተመለስኩ እንደገና ሊነሳብኝ ይችላል። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ተገናኝተን ምደባውን ብናየው መልካም ነው። ቀደም ብሎ ከዳነልኝ ሦስቱን ወር አልጠብቅም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደመወዜና የፈረቃ ሰዓቴ እንደማይነካም በጽሑፍ ቢያረጋግጡልኝ እፎይ እላለሁ።

የሕክምና ማስረጃው ከእርስዎና ከሰው ኃይል ክፍል እንዳያልፍ እለምናለሁ። ለሌሎች «ለጊዜው ውሃ አትነካም» ማለቱ ይበቃል።

ሐሙስ ከፈረቃዬ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ እመጣለሁ፤ ያ ካልተመቸዎት የሚመችዎትን ሰዓት ይንገሩኝ። እስከዚያው ድረስ የረቡዕ ማታውን የምድጃና የጭስ ማውጫ ጽዳት ሌላ ሰው እንዲይዘው ቢያደርጉልኝ። የዚያ ኬሚካል ጠንከር ያለ ስለሆነ በዚህ እጄ ልነካው አልችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰናይት
የዕቃ ማጠቢያና የአትክልት ዝግጅት ሠራተኛ

አባሪ፦ የቆዳ ሐኪም ማስረጃ፣ አንድ ገጽ