የዘንድሮው ትርፋችን እንዴት እንደሚከፈል
(ገንዘብ ያዡ ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ያደረገው ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ከቅዳሴ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ከሰኔ 30 ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው። በገበያም፣ በወፍጮ ቤትም፣ ለቅሶ ላይም። «ትርፉ መቼ ይከፈላል? ስንት ይደርሰናል?» ትሉኛላችሁ። ብትጠይቁ ልክ ናችሁ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው። እስካሁን ቁጥር ያልነገርኳችሁ ኦዲቱ ስላላለቀ ነው። ኦዲት ሳይደረግ «ይኼን ያህል አትርፈናል» ብዬ ኋላ ቢጎድል፣ ሁለተኛ ማን ያምነኛል? ባለፈው ሳምንት የወረዳችን ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኦዲተር ሒሳቡን ጨርሶ ፈርሞበታል። ቁጥጥር ኮሚቴውም አይቶታል።

የተጣራ ትርፋችን 1,200,000 ብር ነው። የተጣራ ስል የጥበቃው ደመወዝ፣ የጆንያው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የመኪናው፣ እህል ለመግዛት የተበደርነው ገንዘብ ወለድ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ የተረፈው ማለቴ ነው።

ከዚህ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው መጠባበቂያ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን 30 በመቶ ነው፤ ዘንድሮ 360,000 ብር ይሆናል። ይህን ኮሚቴው አልፈለሰፈውም። እኔም ልቀንሰው አልችልም።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ብር ባንክ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ይከፈለንና እንጠቀምበት» ብላችኋል። ቅር አላለኝም። ግን ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሐምሌ ላይ ነፋሱ የመጋዘናችንን ጣሪያ ገለበጠው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ጠዋት ስንደርስ 46 ኩንታል ስንዴ ርሷል። ብዙዎቻችሁ ሸራ ተሸክማችሁ በጭቃ እየሮጣችሁ መጥታችኋል፤ አልረሳውም። በዚያን ጊዜ መጠባበቂያችን ለቆርቆሮ እንኳ አይበቃም ነበር። ምን አደረግን? ከአንድ ነጋዴ ተበደርን። ያ ሰው መኸር ሲደርስ እህላችንን ራሱ በቆረጠው ዋጋ ወሰደው። ከርጥቡ ስንዴ ይልቅ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። ማኅበር ያቋቋምነው እኮ ነጋዴ በቆረጠልን ዋጋ ላለመሸጥ ነበር።

ዛሬ መጠባበቂያችን ካለፈው 190,000 ብር ጋር ተደምሮ 550,000 ብር ይደርሳል። የተቀመጠው በተለየ የባንክ ሒሳብ ነው። ሊቀመንበሩ ብቻውን፣ ወይም እኔ ብቻዬን ልናወጣው አንችልም። ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። አባል ከማኅበሩ ሲለቅ የከፈለው የዕጣ ገንዘብ ይመለስለታል። መጠባበቂያው ግን አይከፋፈልም። እሱ የማኅበሩ ነው፤ ነገ የሚገቡት ልጆቻችንም ይጠለሉበታል።

የቀረው 840,000 ብር ነው። ከእሱ ላይ 40,000 ብር ለአባላት ሥልጠናና ለትምህርት ቤቱ የውኃ ቧንቧ ጥገና ይውጣ ብሎ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳብ ነው፤ ልትጥሉት ትችላላችሁ። ከተቀበላችሁት የሚከፋፈለው 800,000 ብር ይሆናል።

አሁን ብዙ ክርክር ያስነሳው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ይህ ገንዘብ በሁለት መንገድ ነው የሚከፈለው። አንዱ በዕጣ ነው፤ ማለትም ባዋጣችሁት ገንዘብ ልክ። ሌላው በተሳትፎ ነው፤ ማለትም ለማኅበሩ ባቀረባችሁት እህል ልክ። ኮሚቴው 240,000 ብሩ በዕጣ፣ 560,000 ብሩ በተሳትፎ ይሁን ይላል።

ስሌቱ ይኸውላችሁ። ያለን ዕጣ 4,000 ነው። 240,000 ለ4,000 ሲካፈል ለአንድ ዕጣ 60 ብር ይደርሳል። አባላት ያቀረባችሁት ጤፍና ስንዴ 2,800 ኩንታል ነው። 560,000 ለ2,800 ሲካፈል ለአንድ ኩንታል 200 ብር ይደርሳል።

5 ዕጣ ያላት፣ ዘንድሮ 12 ኩንታል ያቀረበች አንዲት እናት አለች እንበል። በዕጣዋ 300 ብር፣ በእህሏ 2,400 ብር፣ በድምሩ 2,700 ብር ታገኛለች። 30 ዕጣ ኖሮት እህሉን ሁሉ ውጭ የሸጠ ሰው ደግሞ 1,800 ብር ያገኛል። «እኔ ብዙ ብር አስገብቼ እንዴት ከእሷ ያነሰ አገኛለሁ?» ሊል ይችላል። መልሴ ይህ ነው። የሱም ገንዘብ ሠርቷል፤ ስለዚህ በዕጣው ይከፈለዋል። ትርፉ የተገኘው ግን እህል ተሰብስቦ፣ በአንድ ላይ ተጭኖ፣ በተሻለ ዋጋ ስለተሸጠ ነው። እህሉን ያመጣችው እሷ ናት።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሥልጠና ላይ እንደተማርነው፣ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ተሰባስበው ሱቅ ከፈቱ። ትርፉን የሚከፋፈሉት እያንዳንዱ ከሱቁ በገዛው ልክ ነበር። እነሱ በገዙት ልክ፣ እኛ ባቀረብነው ልክ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

ተሳትፎ የሚቆጠረው በደረሰኝ ነው። ሰባት አባላት ያስረከቡት እህል በመዝገብ አለመግባቱን ደረሰኛቸውን ይዘው መጥተው አሳይተውኛል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ አስተካክለነዋል። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ካለ ዛሬ ሳይሄድ ያናግረኝ፤ የመጋዘኑ ቅጂ አለ።

አንድ የሚከብድ ነገር ልንገራችሁ። ትርፍ አለ ማለት ብሩ በሙሉ በእጃችን ነው ማለት አይደለም። ከትርፋችን ውስጥ 310,000 ብር ገና ያልተሰበሰበ ነው። አብዛኛው አባላት በዱቤ የወሰዱት የማዳበሪያ ዕዳ ነው። በወረቀት ላይ የእኛ ነው፣ በባንክ ግን የለም። በወረቀት ላይ ያለ ብር ደግሞ ለማንም ቆጥሬ አልሰጥም። መጠባበቂያውን በዱቤ ወረቀት አንሞላም፤ እሱ መጀመሪያ በጥሬ ብር ይገባል። ስለዚህ ክፍያው በሁለት ዙር እንዲሆን እንጠይቃለን። 490,000 ብሩ በዚህ ወር፣ ቀሪው 310,000 ዕዳው ሲሰበሰብ። ዕዳ ያለበት አባል ከትርፍ ድርሻው ይቀነስለታል። ዕዳ ያለባችሁን ስማችሁን እዚህ አልጠራም። ክረምቱ እንዴት እንደነበረ አውቃለሁ። ግን የጎረቤታችሁ ድርሻ የእናንተን ክፍያ እየጠበቀ መሆኑን አስቡልኝ።

የሚወስነው ኮሚቴው አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። 5 ዕጣ ያለውም 40 ዕጣ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ሦስት ጊዜ እጅ ታወጣላችሁ። አንደኛ፣ 40,000 ብሩ ይውጣ አይውጣ። ሁለተኛ፣ በዕጣና በተሳትፎ መካከል ያለው ክፍፍል። ሦስተኛ፣ የሁለት ዙር ክፍያው። መዝገቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማንበብ የማይችል ካለ አብሬው ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ጥያቄ እንቀበላለን። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች እጅ አውጥተው ነበር፣ ከእነሱ እንጀምር።