ጉዳዩ፦ ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ያደረግኳቸው ያለፉ ውይይቶች ቅጂ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሶፍትዌር አቅራቢው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

መርካቶ የባልትና ሱቅ አለኝ። የእናንተን የሽያጭና የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር መጠቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። እስካሁን ተመችቶኝ ስሠራ ቆይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ተጣልቼ ለመሄድ አይደለም። የተባባልነውን በጽሑፍ ማየት ስለምፈልግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ለዓመቱ መዝጊያ ዕቃ ስንቆጥር የበርበሬው ቁጥር አልገጥም አለኝ። በሶፍትዌሩ የመልእክት መስኮት ስጽፍላችሁ አንድ ባለሙያ መለሰልኝ፣ ቆይቶም ደወለልኝ። 104 እና 118 የሚባሉትን ሁለት ኮዶች ወደ አንድ እንዳዋህድ የነገረኝ እሱ ነው። አንደኛው ኮድ የአንደኛ ደረጃ በርበሬ ነው፣ ሌላው የሁለተኛ። «ዋጋቸው ይለያያል፣ ችግር የለውም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ሶፍትዌሩ ራሱ ያስተካክለዋል» አለኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ኮዶቹን ሽሮ መሸጫ ከረጢት ጀርባ ላይ ጻፍኳቸው። ከረጢቱ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ግን ከረጢት ይዤ ማንን አሳምናለሁ?

ሶፍትዌሩ አላስተካከለውም። በኪሎ 700 ብር የገዛሁት 120 ኪሎ እና በ500 ብር የገዛሁት 90 ኪሎ ተደምረው 210 ኪሎ ሆኑ። እስከዚህ ልክ ነው። ዋጋው ግን ሁሉም በ700 ብር ተመዘገበ። 129,000 ብር መሆን የነበረበት በርበሬ 147,000 ብር ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ የቀረ ዕቃ ዋጋው ሲያብጥ ትርፍም አብሮ ያብጣል። ስለዚህ ያላገኘሁት 18,000 ብር ትርፍ ሆኖ ተጻፈብኝ። ያየው ሒሳብ ሠራተኛዬ ነው፣ እሱም የዓመቱን ግብር ሊያዘጋጅ ሲቀመጥ።

ባለፈው ሳምንት ስደውል «የተጠቃሚ ስህተት ነው፣ ለማስተካከል 15,000 ብር ይከፈላል» ተባልኩ። የተሳሳትኩት እኔ ከሆንኩ እከፍላለሁ። ግን ያዘዘኝ ማን እንደሆነ መጀመሪያ ይታይ። በእኔ በኩል የመልእክት መስኮቱ ከ30 ቀን በፊት ያለውን አያሳይም። በቴሌግራም የተጻጻፍነውም የለም፤ የእናንተ ባለሙያ ይጠቀምበት የነበረው አካውንት ውይይቱን ከሁለታችንም ስልክ አጥፍቶታል። ሆን ብሎ ነው አልልም፣ ግን ጠፍቷል።

ስለዚህ ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በእኔ ስም ወይም በሱቁ ስልክ የተደረጉትን ውይይቶች ሁሉ ቅጂ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። በመልእክት መስኮቱ የተጻጻፍነውን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ማን ምን እንደጻፈና ከላክኩላችሁ የስክሪን ፎቶዎች ጋር እፈልጋለሁ። አሳጥራችሁ «ደንበኛዋ ስለ ኮድ ጠየቀች» ብትሉኝ አይጠቅመኝም፣ ቃል በቃል ይሁን። የሰኔ 27ቱ የስልክ ጥሪ ድምፅም ይጨመርልኝ። እናንተ ጋ ስንደውልም ሆነ ስትደውሉልን «ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀረጻል» የሚል ድምፅ እንሰማለን፤ ካልተቀረጸ ወይም ከተሰረዘ ያንኑ መቼና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቁኝ። ባለሙያው በአኒዴስክ ወደ ኮምፒውተሬ የገባበት ሰዓት መዝገብም ካላችሁ ይካተት። የሌላ ደንበኛ ስም ወይም ስልክ ካለበት ሸፍኑት፣ እሱን አልፈልግም።

ሱቁ በግለሰብ ንግድ ፈቃድ በስሜ የተመዘገበ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ራሴ የያዛችሁትን መረጃ የማየት መብት ይሰጠኛል። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተያዘ መዝገብም በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ ዕውቅና አለው። አዋጅ የጠቀስኩት ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ስልክ ያነሳችው ልጅ «ይህን የምንሰጥበት አሠራር የለንም» ስላለችኝ ነው።

ቅጂውን በፒዲኤፍ፣ ድምፁን በፋይል፣ ለምዝገባ በሰጠሁት ኢሜይል ላኩልኝ። በፍላሽ መውሰድ ካለብኝም ራሴ እመጣለሁ። እስከ ኅዳር 9 ቀን ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ እስኪመለስ ድረስ ከመዝገቡ ምንም እንዳይሰረዝ፣ የ15,000 ብሩ ክፍያም እንዲቆይ አደራ እላለሁ። ሰው ሌላ መስሏችሁ እንዳትቸገሩ የንግድ ፈቃዴንና የመታወቂያዬን ኮፒ አያይዣለሁ። ለማጣራት ብትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ጠዋት ወፍጮው ስለሚጮህ አልሰማም።

ከሰላምታ ጋር
ትዕግስት፣ የባልትና ሱቁ ባለቤት