ጉዳዩ፦ የ2018 የመግቢያ ቦታዬ በጤና ምክንያት ወደ 2019 እንዲተላለፍልኝ ስለመጠየቅ

ለቅበላና ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት

ጤና ይስጥልኝ።

ሰላማዊት ተስፋዬ እባላለሁ፤ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። በ2018 ዓ.ም. በአርክቴክቸር የማስተርስ ፕሮግራም በመደበኛው ተቀብላችሁኛል። ስለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ነሐሴ ላይ በኤምአርአይ ምርመራ የአከርካሪ ቲቢ እንዳለብኝ ታወቀ። መድኃኒት ጀምሬአለሁ። አሁን በየቀኑ አራት ዓይነት ነው የምወስደው፤ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሁለት ይቀንሳል። ሐኪሜ እንደነገሩኝ ሕክምናው ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ መሃል ላይ ማቋረጥ አይቻልም። ሳንባዬ ነጻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

የከበደኝ መቀመጡ ነው። የወገብ መደገፊያ ታጥቄም ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥኩ እግሬ ይደነዝዛል። ስቱዲዮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ መሥራት ነው። ሞዴል ሲሠራማ ሌሊቱም ይጨመርበታል። ይህን ትምህርት በጣም እፈልገዋለሁ፤ ጀምሬ ከማቋርጠው ድኜ ብመጣ ይሻለኛል።

ገና ስላልተመዘገብኩ የዊዝድሮዋል ፎርም የሚመለከተኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ቦታዬ እስከ መስከረም 2019 እንዲቆይልኝ፣ የመግቢያ ፈተና ውጤቴም እንዲያዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የሕክምና ማስረጃዬንና የተቀባይነት ደብዳቤውን አያይዣለሁ። ማኅተም ያረፈበትን ዋናውን ማስረጃ ወንድሜ ቢሮ ድረስ ያመጣል። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ካስፈለገም አቀርባለሁ። ምዝገባው መስከረም 26 ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ምላሽ ብትሰጡኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ሰላማዊት ተስፋዬ