«ገባችሁ?» እና «አዎ ቲቸር!»፦ የሁለት ፕራክቲከም ሪፍሌክሽን

በመጀመሪያው ፕራክቲከም፣ ማለትም በመምህርነት ሥልጠናዬ የማስተማር ልምምድ፣ የተመደብኩት 5ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ነበር፤ ምዕራፉ ክፍልፋይ። 64 ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ መጽሐፉም ለሦስት አንድ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ይባላል እንጂ ከዕረፍት ተመልሰው እስኪቀመጡና ስም እስኪጠራ 7 ደቂቃ ያልቃል።

በሳምንቱ መጨረሻ ባለ 5 ጥያቄ አጭር ፈተና ሰጠሁ። ከግማሽ በላይ ያገኙት 14 ብቻ ናቸው። በየቀኑ ግን «ገባችሁ?» ስል «አዎ ቲቸር!» የሚለው ድምፅ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ልጆቹ አልዋሹኝም፤ ለሰላምታ መልስ እንደሚሰጡት ነው የመለሱልኝ። ስህተቱ ያንን መልስ እንደ ማስረጃ መቁጠሬ ነው።

ወረቀቶቹን ከውጤት ይልቅ በስህተት ዓይነት ስደረድራቸው 39 ተማሪዎች 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው አገኘሁ። ይህ ግድ የለሽነት አይደለም። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረዋል፤ ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን ላይና ታች እንደተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ያዩታል። 1/4 ከ1/3 ይበልጣል የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ 4 ከ3 ይበልጣላ። እኔ ደግሞ ታህት ምን እንደሚነግረን ሳይጨብጡ በሁለተኛው ቀን «የጋራ ታህት ፈልጉ» የሚለውን ደንብ አስገለበጥኳቸው።

አጋዥ መምህሬ ከኋላ ተቀምጠው በሰዓት የመዘገቡት ደግሞ ይህን ይመስላል፦ እኔ የተናገርኩት 17 ደቂቃ፣ ከሰሌዳ መገልበጥ 11 ደቂቃ፣ ተማሪ የተናገረው 3 ደቂቃ፣ እሱም ከፊት ሁለት ረድፍ። በዕለቱ ዕቅዴ ላይ «አሳታፊ ዘዴ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጫጫታው የሚነሳውም በእነዚያ 11 ደቂቃዎች ነው፤ ፈጣኖቹ በ4 ደቂቃ ጨርሰው ሥራ ይፈታሉ፣ ዘገምተኞቹ ደግሞ ቦታ አጥቼ የግራውን ምሳሌ ስለማጠፋባቸው ከጎናቸው ለመገልበጥ ይጋፋሉ። የክፍሉ አለቃ አርጩሜ አምጥቶልኝ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል፤ ያ ባይሆንም አርጩሜው ያጠፋሁትን ምሳሌ አይመልስም።

ሁለተኛው ፕራክቲከም በሌላ ትምህርት ቤት፣ 6ኛ ክፍል፣ 58 ተማሪ፤ ርዕሱ ክፍልፋይ መደመርና መቀነስ። ደንቡን ወደ ሦስተኛው ቀን ገፋሁት። ከዚያ በፊት ከአሮጌ ካርቶን 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ቁራጮች ለየዴስኩ አዘጋጀሁ። 12 የመረጥኩት ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 እኩል ስለሚከፈል ነው፤ በመጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ ሲሶው አልወጣ ብሎኝ ሁሉንም ጥያለሁ። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲገጣጠሙ 10 ከ12 ይሆናሉ፣ ማለትም 5/6። 2/5 ግን በዚያው ቁራጭ 4.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። «ግማሹ ብቻውን 6 ነው፤ ጨምረንበት እንዴት አነሰ?» የሚለው ጥያቄ ካስገለበጥኩት ደንብ ሁሉ የበለጠ ሠርቷል።

«ገባችሁ?» የሚለውን ቃል ከዕቅዴ አውጥቼ በጣት መልስ ተካሁት። ሰሌዳ ላይ ሦስት አማራጭ እጽፋለሁ፤ የተሳሳቱት አማራጮች ባለፈው ፈተና ልጆቹ ራሳቸው የጻፏቸው ስህተቶች ናቸው። 30 ሰከንድ ካሰቡ በኋላ ቆጥሬ «ሦስት» ስል ሁሉም የመረጡትን አማራጭ ቁጥር በጣታቸው እኩል ያሳያሉ። እጅ ወደ ላይ ሲነሳ የኋላው ከፊተኛው ይኮርጃል፤ ስለዚህ ጣቱ ደረት ላይ ይሁን አልኩ። ከአምስት አንዱ ከተሳሳተ ወደ ካርቶኑ እመለሳለሁ።

ሰሌዳውን በጠመኔ ለሦስት ከፈልኩት፦ ግራው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አይጠፋም፣ መሐሉ ለምሳሌ፣ የሚጠፋው ቀኙ ብቻ ነው። የቡድን ሥራ ላይ የለወጥኩት ትንሽ ነው፤ መልሱን የሚናገረው ማን እንደሆነ ውይይቱ ካለቀ በኋላ እኔ እመርጣለሁ፣ አለበለዚያ ጎበዙ ብቻ ይሠራል።

በመጨረሻው ፈተና ከ58ቱ 37ቱ ከግማሽ በላይ አገኙ። ክፍሉም ደረጃውም ስለሚለያይ ከ14ቱ ጋር በቀጥታ አላወዳድረውም። የማወዳድረው ስህተቱን ነው፦ 3/4 − 1/3 ላይ 10 ተማሪዎች 2/12 ብለዋል። የጋራ ታህቱን 12 በትክክል አግኝተው ላዕሎቹን ወደ 9 እና 4 ሳይቀይሩ 3 − 1 ቀንሰዋል። ለዚህ እኔም ድርሻ አለኝ፤ በካርቶኑ ያስደመርኳቸው እንጂ ያስቀነስኳቸው የለም። 9 ሴንቲ ሜትሩ ላይ 4ቱን አስተኝተው የተረፈውን 5 ቢለኩ ኖሮ 2ን ለመጻፍ ይቸገሩ ነበር። ካርቶኖቹንና የአሥሩን ልጆች ወረቀት ለክፍሉ መምህርት አስረክቤ ወጥቻለሁ።